ጥምቀት ማክሰኞ ዋለ፤ የሳምንታዊውን ስብሰባ ጥሪ ምን ብዬ ልጻፈው?

ጥያቄ፦ የአንድ ድርጅት የፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ። በየማክሰኞው ከቀኑ 10 ሰዓት የኦንላይን ስብሰባ አለን። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከዋሽንግተን ሰዎች ይገባሉ። በ2019 ዓ.ም. ጥምቀት ማክሰኞ ስለሚውል የዚያን ሳምንቱን ወደ ሐሙስ ላዞረው አስቤያለሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሳደርግ ግማሹ ሰው ስብሰባው ለዘለቄታው ሐሙስ የሆነ መሰለው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ሳምንት ብቻ ስሰርዝ «ስብሰባው ቀረ እንዴ?» የሚል ስልክ ጎረፈልኝ። ጥሪው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ምላሽ፦

ሰዎቹ ላይ አይፍረዱባቸው። እነሱ ጋ የደረሰው እርስዎ ያሰቡት ነገር አይደለም። ጉግል ካላንደር ላይ አንዱን ማክሰኞ ብቻ ሲሰርዙ፣ ለተጋባዦቹ የሚሄደው ኢሜይል ርዕሱ `Canceled event` ብሎ ይጀምራል። ሁሉንም ማክሰኞዎች ቢሰርዙም አጀማመሩ ያው ነው። አውትሉክም `Canceled:` የምትለዋን ከስብሰባው ስም ፊት ይለጥፋል። ቀኑ አብሮ ይጻፋል፣ እውነት ነው። ግን ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስልኩን የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው መጀመሪያው ቃል ላይ ነው። መሰረዙን አየ፣ የስብሰባውን ስም አየ፣ በቃ ቀርቷል ብሎ አለፈ። ጠንቃቃው ደግሞ ስልክ ደወለልዎት።

ማዛወርም እንደዚያው ነው። «ተሻሽሏል» የሚል መልእክት ከአዲሱ ቀን ጋር ይደርሳቸዋል። ኢሜይሉን የከፈተ ሰው የድሮውንም ሰዓት ሊያይ ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ማክሰኞ እንደሚመለስ ግን የሚነግረው ነገር የለም። ካላንደሩ ያወቀውን ያህል ተናግሯል፤ የቀረውን በቃላት የሚሞሉት እርስዎ ነዎት። የቀረው ምንድን ነው? የትኛው ቀን እንደተነካ፣ አሁን መቼ እንደሆነ፣ መደበኛው ደግሞ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቀጥል። የመጨረሻውን ነው ሰው ሁሉ የሚረሳው። ስልክ ያስጎረፈብዎትም እሱ ነው።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ግን ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥ እንነጋገር። ጥሩ ዓረፍተ ነገር የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ጉዳቱ ይብሳል።

የጥር 11ዱን ስብሰባ ነክተው ለውጡን ሊያስቀምጡ ሲሉ ጉግል ካላንደር ምርጫ ያቀርብልዎታል፦ `This event`፣ `This and following events`፣ `All events`። እርስዎ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የዴስክቶፑ አውትሉክ ደግሞ ስብሰባውን ሲከፍቱት ገና `Just this one` ወይስ `The entire series` ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያም የመጀመሪያው ነው። መካከለኛዋ `This and following events` አደገኛ ናት። እሷን ከመረጡ ተከታታዩ ለሁለት ይከፈላል፤ ከጥር 13 ጀምሮ ሁሉም ሳምንት ሐሙስ ይሆናል። «ግማሹ ሰው ለዘለቄታው ሐሙስ የሆነ መሰለው» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። ማጣራቱ ቀላል ነው። ያኔ የቀየሩትን ሳምንት ይክፈቱና ከእሱ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ይዩ። ሐሙስ ላይ ተቀምጠው ካገኙዋቸው ጥፋቱ የቃላት ሳይሆን የዚያች ምርጫ ነው።

`All events` ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። «ጥር 11 ስብሰባ የለንም» የሚለውን ማስታወሻ በሱ በኩል ካስገቡት፣ ጽሑፉ በሁሉም ማክሰኞዎች ማብራሪያ ላይ ይለጠፋል። ሰኔ ላይ ስብሰባውን የሚከፍት ሰው የጥምቀትን ማስታወሻ ያነባል። ያረጁ ማስታወሻዎች የተከመሩበትን ጥሪ ደግሞ ማንም አያነበውም። እውነተኛው ለውጥ ሲመጣም በዚያው ይታለፋል።

ካላንደሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚያስበው ማወቅ ለአጻጻፉም ይረዳል። አንድ ማክሰኞ ወደ ሐሙስ ሲዞር ለተጋባዦቹ የሚላከው ፋይል ውስጥ እነዚህን የመሰሉ ሁለት መስመሮች አሉ፦

```
RECURRENCE-ID;TZID=Africa/Addis_Ababa:20270119T160000
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20270121T160000
```

ሁለተኛው መስመር አዲሱ ቀን ነው፤ ሐሙስ ጃንዋሪ 21 ቀን 2027። የመጀመሪያው ግን የድሮው ነው፤ ማክሰኞ ጃንዋሪ 19። ስብሰባው ሐሙስ ላይ ቢቀመጥም ካላንደሩ የሚለየው «የጃንዋሪ 19ኙ» እያለ ነው። ማንነቱ የድሮ ቀኑ ነው ማለት ነው። ሰዎች ግን ይህን መስመር አያዩትም። ስለዚህ እርስዎ በአማርኛ ይጻፉላቸው።

በነገራችን ላይ፣ ማክሰኞውን ሳይነኩ ሐሙስ ላይ አዲስ ስብሰባ የሚፈጥሩ አሉ። እንዲህ ከተደረገ ይህ ግንኙነት አይኖርም። የማክሰኞው ጥሪ ባለበት ይቀራል፤ ሰው ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ስልኩ «ስብሰባ በ10 ደቂቃ ውስጥ» ብሎ ይጮኻል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብቻ ለውጡን መናገርም ውጤቱ ያው ነው። ቴሌግራሙ ይቅር አልልም። ግን መጀመሪያ ካላንደሩ ይስተካከል፤ ከዚያ ያንኑ ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጠው ግሩፑ ላይ ይለጥፉት። ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት አባባል ካለ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ይቸገራል።

አሁን ርዕሱ። ብዙ ሰው «የተለወጠ» ወይም «አዲስ ቀን» የሚል ቃል ከፊት ያስቀምጣል። ይህ ለዘለቄታው የተለወጠ ያስመስላል። «ለዚህ ሳምንት ብቻ ሐሙስ» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ጥሪውን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚያነብ ሰው «ይህ ሳምንት» ሲባል የራሱን ሳምንት ነው የሚያስበው። እኔ የምመርጠው እንዲህ ያለውን ነው፦

«የጥር 11 ምትክ፦ ሳምንታዊ የፕሮጀክት ስብሰባ»

አዲሱ ቀን ርዕሱ ውስጥ የለም፤ ሆን ብዬ ነው። ስብሰባው ሐሙስ ላይ ስለተቀመጠ ቀኑን ካላንደሩ ራሱ ያሳያል። የማያሳየው የድሮውን ነው። «ምትክ» የሚለው ቃል ደግሞ ነገሩ የአንድ ጊዜ መሆኑን በራሱ ይናገራል። ከፊት መቀመጡም ይጠቅማል፣ ስልክ ረጅም ርዕስን ከኋላው ስለሚቆርጠው። የተከታታዩ መደበኛ ስም «የማክሰኞ ስብሰባ» ከሆነ ግን ቢቀይሩት ጥሩ ነው። ሐሙስ ላይ «የማክሰኞ ስብሰባ» የሚል ነገር ያየ ሰው ስህተት ነው ብሎ ሊዘለው ይችላል።

ማብራሪያው ላይ ደግሞ ይህን ይጻፉ፦

«የማክሰኞ ጥር 11 (ጃንዋሪ 19) ስብሰባ በጥምቀት ምክንያት ወደ ሐሙስ ጥር 13 (ጃንዋሪ 21) ዞሯል። ሰዓቱ አልተለወጠም፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት (16:00)፣ በዋሽንግተን ጠዋት 8:00 ነው። ሊንኩም ያው ነው። የተለወጠው ይህ አንድ ስብሰባ ብቻ ነው። ከማክሰኞ ጥር 18 (ጃንዋሪ 26) ጀምሮ እንደወትሮው ማክሰኞ ማክሰኞ እንገናኛለን።»

ጥቂት ነገሮች ልብ ይበሉ። የሳምንቱ ቀንና የወሩ ቀን ሁሌም አብረው ይሄዳሉ። «የሚቀጥለው ማክሰኞ» ማለት ቅዳሜ ለሚያነበው ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ያለው ነው ወይስ ከዚያ በኋላ ያለው? ይህን ለመከራከር ጊዜ የለንም። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው ዋሽንግተን ላሉት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ያለው ሰው ስልኩ የሚያሳየው ጃንዋሪን ነው፤ በቃል የሚናገረው ግን ጥርን። ሰዓቱም እንዲሁ። 10 ሰዓት የሚለውን ብቻ ከጻፉ፣ ዋሽንግተን ብዙ የቆየ ሰው ከጠዋቱ 10:00 ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። 16:00 አጠገቡ ሲቀመጥ ነገሩ ያልቃል።

ምክንያቱን በአንድ ቃል መጥቀስም ጥቅም አለው። «በጥምቀት ምክንያት» ሲባል በዓሉ እንደሚያልፍ ሁሉ ለውጡም የአንድ ቀን መሆኑን ሰው ይገባዋል። ከዚያ በላይ መዘርዘር ግን አያስፈልግም። ሐሙስን መምረጥዎ ጥሩ ነው። ማግስቱ ረቡዕ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦት የሚመለሰውም በዚያ ቀን ነው። ቢሮ ክፍት ቢሆን እንኳ ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ነው።

ሊያስቀምጡት ሲሉ ጉግል ለተጋባዦቹ ኢሜይል ይላክ ወይስ አይላክ ብሎ ይጠይቅዎታል። `Send` ይበሉ። ሰው በኢሜይል አላስቸግር ብለው `Don't send` ካሉ ስብሰባው በየካላንደሩ ላይ በዝምታ ቦታ ይቀይራል፤ የጻፉትን ማብራሪያ የሚከፍትበት ምክንያት ያለው ሰውም አይኖርም። ሌላው ደግሞ፣ ቀን ሲቀየር ሰዎች እንደገና መልስ መስጠት አለባቸው። ለተከታታዩ «እገኛለሁ» ያለ ሰው ለሐሙሱ ገና ምንም አላለም። ስለዚህ ማብራሪያው መጨረሻ ላይ «ሐሙስ የማይመቻችሁ እስከ ዓርብ ጥር 7 አሳውቁ» የምትል መስመር ቢጨምሩ አይከፋም።

አንድ ገደብ አለ። የዴስክቶፑ አውትሉክ አንድን ስብሰባ ከቀጣዩ ስብሰባ አሻግሮ ማዛወር አይፈቅድም። የጥር 11ዱን ወደ ሐሙስ ጥር 13 ማዞር ይቻላል። ወደ ሐሙስ ጥር 20 ልውሰደው ቢሉ ግን የጥር 18ቱ መሃል ላይ ስላለ እምቢ ይላል። ያኔ መንገዱ የጥር 11ዱን መሰረዝና ለጥር 20 ለብቻው አዲስ ጥሪ መላክ ነው። በዚህ ጊዜ ርዕሱ ላይ «የጥር 11 ምትክ» ማለቱ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሌላ ምንም ነገር ስለሌለ።

ማዛወሩን ትተው ጨርሶ መዝለል ከፈለጉስ? እዚህ ላይ አጻጻፉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሚጽፉበት ቦታ ራሱ ይጠፋል። አንዱ ስብሰባ ሲሰረዝ ከካላንደሩ ላይ ይነሳል፤ ርዕስም ማብራሪያም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ከስረዛው ጋር የሚላከው መልእክት ብቻ ነው። አንዳንዱ ይህን ሽሽት ስብሰባውን ሳይሰርዝ ርዕሱን «የለም» ብሎ ይተወዋል። አልወደውም። ማስታወሻው መደወሉን አያቆምም፣ የሰው ሰዓት የተያዘ መስሎ ይታያል፣ የተያዘ አዳራሽ ካለም ለሌላ ሰው አይለቀቅም። ይሰረዝ። መልእክቱ ግን እንዲህ ይሁን፦

«የሚቀረው የማክሰኞ ጥር 11 (ጃንዋሪ 19) ስብሰባ ብቻ ነው፤ ጥምቀት ነው። ምትክ ቀን የለውም። ለዚያ ቀን የተባለው ሪፖርት በጥር 18 ይቀርባል። ቀጣዩ ስብሰባ ማክሰኞ ጥር 18 (ጃንዋሪ 26) በተለመደው ሰዓት ነው።»

«ምትክ ቀን የለውም» የምትለዋ እንዳትቀር። እሷ ከሌለች ሰው አዲስ ቀን ይጠብቃል፤ «መቼ ሆነ?» የሚለው ስልክ ይመጣል። «ተላልፏል» የሚለውን ቃልም እዚህ አይጠቀሙ። ተላልፏል ሲባል ሰው «ወደ መቼ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ስብሰባው ተሰርዟል» ብሎ በጥቅሉ መጀመርም ያንኑ የድሮ ድንጋጤ ይመልሰዋል። «የሚቀረው» እና «ብቻ» ቀኑን ከፊትና ከኋላ ከያዙት ሌላ ትርጉም ለመስጠት ያስቸግራል።

ኢሜይል የማያነቡ ሰዎች ካሉዎት ሁለት ነገር ይጨምሩ። አንደኛ፣ ከዚያ በፊት ባለው በጥር 4ቱ ስብሰባ ማብራሪያ ላይ «ጥር 11 ስብሰባ የለም» ብለው ያስገቡ፤ በዚያ ቀን ብቻ፣ በ`This event` በኩል። ስብሰባው ላይም በቃል ይናገሩት። ሁለተኛ፣ ጥር 11 ላይ «ጥምቀት፤ ስብሰባ የለም» የሚል የሙሉ ቀን ማስታወሻ ይላኩላቸውና `Free` በሚለው ላይ ያድርጉት። የማንንም ሰዓት አይዝም፣ ግን ካላንደሩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል።

አልጠየቁኝም፣ ግን በዚያው ዓመት የሚገጥምዎት ሌላ ማክሰኞ አለ። ዒድ አልፈጥር በ2019 የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 ላይ፣ ማለትም ማክሰኞ ማርች 9 ወይም ረቡዕ ማርች 10 ሊውል ነው። የሚወስነው ጨረቃ ናት፤ የሚታወቀውም በዋዜማው ምሽት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው «ዒድ ማክሰኞ ከዋለ ስብሰባው ይቀራል፣ ረቡዕ ከዋለ ይኖራል» ብሎ ይጽፋል። ካላንደር ግን «ከሆነ» የሚባል ነገር አያውቅም። ስብሰባው ማክሰኞ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፣ ውሳኔው ሰኞ ማታ ይታወቃል፣ ዋሽንግተን ያለው ሰው ማክሰኞ ጠዋት ተነስቶ ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ሁለቱም ቢሆን የማይነካውን ቀን አስቀድመው ይምረጡ። ሐሙስ መጋቢት 2 (ማርች 11) ይሆናል። ጽሑፉም ሁለቱን ቀን አንድ ላይ ይያዝ፦

«የማክሰኞ የካቲት 30 (ማርች 9) ስብሰባ ወደ ሐሙስ መጋቢት 2 (ማርች 11) ዞሯል። ዒድ ማክሰኞም ዋለ ረቡዕ ይህ አይለወጥም።»

ቀጥሎ «ከማክሰኞ መጋቢት 7 (ማርች 16) ጀምሮ እንደወትሮው» ብለው ሊጨርሱ ሲሉ ግን ቆም ይበሉ። እሁድ ማርች 14 ቀን 2027 አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች። ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። ተከታታዩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተያዘ ለእኛ 10 ሰዓት እንደሆነ ይቀራል፤ ዋሽንግተን ግን ከ8:00 ወደ 9:00 ይሸጋገራል። እዚያ ላለው ሰው ቀኑ በአንዱ ሳምንት ዞሮ፣ ሰዓቱ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ተለወጠ ማለት ነው። ሁለተኛውንም እርስዎ ያደረጉት ይመስለዋል። ስለዚህ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይሁን፦ «ከማክሰኞ መጋቢት 7 (ማርች 16) ጀምሮ ወደ ማክሰኞ እንመለሳለን። በአዲስ አበባ ሰዓቱ ያው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ አሜሪካ ሰዓት ስለምትቀይር በዋሽንግተን 9:00 ይሆናል።»

አንድ ጊዜ ያዞሩትን እንደገና ማዞር ቢመጣ፣ ሐሙስ አልተመቸም ተብሎ ዓርብ ቢሆን፣ በድሮው ጽሑፍ ላይ አይደርቡ። «ወደ ሐሙስ ዞሮ የነበረው ወደ ዓርብ» የሚል ሰንሰለት ውስጥ አይግቡ። ርዕሱ «የጥር 11 ምትክ» እንዳለ ይቀጥላል፤ ቀደም ሲል ካየናቸው የካላንደሩ ፋይል ሁለት መስመሮች የድሮውን ቀን የያዘው ስላልተነካ ይህ አሁንም ልክ ነው። ማብራሪያው ላይ ሐሙስ የሚለውን አጥፍተው ዓርብ ጥር 14 (ጃንዋሪ 22) ብለው ይተኩትና ከላይ «ሐሙስ አይደለም» የምትል አጭር መስመር ያክሉ።

አንድ ጥንቃቄ ለአውትሉክ ተጠቃሚዎች። አንድ ቀን አዙረው ከጨረሱ በኋላ የተከታታዩን የጊዜ አደራረግ፣ ለምሳሌ ሰዓቱን ከ10 ወደ 9፣ በ`The entire series` በኩል ከቀየሩት ለየብቻ የተነኩት ቀኖች ይጠፋሉ። የተዘለለው ተመልሶ ይመጣል፣ የዞረውም ወደ ማክሰኞ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ከመቀየሩ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያነብ `OK` ይላል። እንዲህ ያለ ለውጥ ካለብዎት መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ፣ ከዚያ ጥምቀትን ያዙሩ።

ሲልኩት ደግሞ ከራስዎ ካላንደር አይፈርዱ፤ አዘጋጅው የሚያየውና ተጋባዡ የሚያየው አንዳንዴ ይለያያል። ከተጋባዦቹ አንዱን፣ ቢቻል ዋሽንግተን ያለውን፣ የሁለት ሳምንቱን ስክሪንሾት እንዲልክልዎት ይጠይቁ። ማክሰኞ ጃንዋሪ 19 ባዶ፣ ሐሙስ ጃንዋሪ 21 «የጥር 11 ምትክ»፣ ማክሰኞ ጃንዋሪ 26 ደግሞ ያለ ምንም ተጨማሪ ጽሑፍ የተለመደው ስም ከሆነ በትክክል ደርሷል። ጃንዋሪ 26 ላይ ወይም ሐሙስ ጃንዋሪ 28 ላይም «ምትክ» የሚል ካነበቡ ተከታታዩን ነክተዋል ማለት ነው፤ ጉግል ላይ ከሆኑ ወዲያው `Undo` ይበሉ፣ ካለፈ ደግሞ ከጥር 18 ሳምንት ጀምሮ ያሉትን ስምና ቀን በ`This and following events` በኩል መልሰው ያስተካክሉ።